«ሪአክሽን ነበረብኝ»፦ ከቆሼ ጎረቤት የወጣ አንድ ቃል ድንበር ሲሻገር

ቆሼ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የቆሻሻ ክምሩን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ቀንም እናስታውሳለን። ከክምሩ ብዙ ሳይርቅ ግን በዓለም የሥጋ ደዌ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሳ ግቢ አለ። በ1934 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ሆስፒታል ተከፈተ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። በ1965 እ.ኤ.አ. በዚያው ቦታ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል ተመሠረተ፤ እኛ በአጭሩ «አለርት» የምንለው ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአርመር ሐንሰን የምርምር ተቋም አጠገቡ ሥራ ጀመረ። ታክመው የዳኑ ብዙ ሰዎች ወደ መጡበት አገር አልተመለሱም፤ እዚያው በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ይኖራሉ።

የዛሬው ጽሑፍ የሚከተለው ከዚህ ግቢ የሚወጣን አንድ ቃል ነው፤ «ሪአክሽን» የሚለውን። ቃሉ በአለርት ግቢ አንድ ነገር ማለት ነው፤ በሌላ አገር ሆስፒታል ደግሞ ሌላ። አስተርጓሚው ይህን ካላወቀ አንዲት ታካሚ የሚጎዳት መድኃኒት ተሰጥቷት የሚያድናት ሊከለከላት ይችላል። እንዴት? ከቃሉ ታሪክ እንጀምር።

አንድ ስም፣ ሁለት ነገር

ሥጋ ደዌን የሚያመጣው ባክቴሪያ በጣም በዝግታ የሚራባ ፍጥረት ነው። ቆዳንና ነርቭን ይወዳል፤ ለዓመታት ሰውነት ውስጥ በጸጥታ ሊኖር ይችላል። ችግሩ የሰውነት መከላከያ ድንገት ሲነቃ ነው። የቆዳው ምልክት ይቀላል፣ ያብጣል፤ የሚያም እብጠት ይወጣል፤ ነርቭ ይቆጣል፤ እጅ ወይም እግር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊዝል ይችላል። ይህ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት፣ በሕክምናው መካከል፣ አልፎ ተርፎም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ቁጣ ከጥንት ጀምሮ «የሥጋ ደዌ ሪአክሽን» ሲሉት ኖረዋል። በአርመር ሐንሰን ተቋም ዳይሬክተር የነበረው ኖርዌያዊው ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ ከመረመሯቸው ዋና ጥያቄዎች አንዱም የሰውነት መከላከያ ይህን ባክቴሪያ እንዴት እንደሚያውቅና እንደሚዋጋ ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ ሪአክሽን የመድኃኒት ጥፋት አይደለም። ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር፣ የሞተውም ቢሆን፣ ሲጣላ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሥጋ ደዌውን መድኃኒት አያስቆምም። መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ በላዩ ቁጣውን የሚያበርድ ፕሪድኒሶሎን ይታከልበታል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ40 ሚሊግራም ይጀመርና ለወራት ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ሁለተኛው ነገር ግን በእርግጥም የመድኃኒት ጥፋት ነው። ለአሥርተ ዓመታት የሥጋ ደዌ ዋና መድኃኒት ዳፕሶን ነበር። ኬሚካሉ በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ተሠራ፤ ለሥጋ ደዌ መዋል የጀመረው ግን በ1940ዎቹ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ በ1949 እ.ኤ.አ.፣ ናይጄሪያ ውስጥ በኡዙአኮሊ የሚሠሩት ሎው እና ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር መዘገቡ። አንዳንድ ሕሙማን ይህን ዓይነት መድኃኒት ከጀመሩ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ይይዛቸዋል፣ ንፍፊታቸው ያብጣል፣ ቆዳቸው ይቆጣል፣ ይላጣልም። ዛሬ ይህ የዳፕሶን አለርጂ በደንብ ይታወቃል። መድኃኒቱን ከሚወስዱ 100 ሰዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ጉበትን ስለሚነካ ዓይን ቢጫ ሊሆን ይችላል። ከተያዙት 10 ሰዎች አንዱ ያህል ይሞታል። እዚህ ላይ ሐኪሙ የሚያደርገው የመጀመሪያው ጉዳይ ዳፕሶንን ወዲያውኑ ማስቆም ነው፤ ታካሚውም ዕድሜ ልኩን ሊነካው አይገባም።

እንግዲህ ሁለቱም በአንድ ስም ተጠሩ። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ታካሚውም «ሪአክሽን» ይላሉ። በግቢው ውስጥ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ካርዱ አለ፣ ሐኪሙም በሽታውን ያውቃል። ችግሩ ቃሉ ካርዱን ትቶ ብቻውን ሲሰደድ ነው።

የአንዲት እናት ታሪክ

አሁን አንዲት እናት እናስብ። እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ የሚደርስባት ነገር ሁሉ ግን መድኃኒቶቹ በእርግጥ ከሚሠሩበት መንገድ የተወሰደ ነው።

በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ሥጋ ደዌ እንዳለባት ታወቀና በፓኬት የታሸገው መድኃኒት ተሰጣት። ይህ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው የሦስት መድኃኒቶች ጥምር ሕክምና ነው፤ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚን እና ዳፕሶን። አንዱ ፓኬት ለ28 ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱንም ነርስ ፊት ትውጣለች፤ በቀሩት ቀናት ክሎፋዚሚንና ዳፕሶንን በየቀኑ ቤቷ ትወስዳለች።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ኅዳር ላይ፣ ትኩሳት ያዛት። ሰውነቷን ሁሉ ሽፍታ ወረሰው፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። አልጋ ይዛ ተኛች፤ መድኃኒቱ ቆመ፤ ፕሪድኒሶሎን ተሰጣት። ስትድን ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን ብቻ ተመለሱላት። ዳፕሶን በዚያው ቀረ። የመጀመሪያው ሪአክሽን ይህ ነው።

ከስምንት ወር ገደማ በኋላ የቀኝ እጇ መዛል ጀመረ፣ ክንዷ ላይ ያለው ነርቭ አመማት፣ የቆዳዋ ምልክቶች ቀሉ። ይህ የሥጋ ደዌው የራሱ ሪአክሽን ነው። አሁንም ፕሪድኒሶሎን ተሰጣት፤ ሁለቱ መድኃኒቶች ግን አልቆሙም። እጇ ተመለሰ፣ ሕክምናውን ጨረሰች፣ ዳነች።

ዓመታት አለፉ። ልጇ ወደ አሜሪካ ወሰደቻት። እዚያ የመጀመሪያ ቀን ክሊኒክ ስትመዘገብ የምታስተረጉምላት ልጇ ናት።

«እማዬ፣ አለርጂ አለብሽ ወይ እያለች ነው።»

«ኧረ እኔ ምንም አለርጂ የለብኝም።»

አልዋሸችም። በእኛ አነጋገር «አለርጂ» ማለት አቧራ ሲነካን የሚያስነጥሰን፣ ብርድ ሲመታን አፍንጫችንን የሚዘጋው ነገር ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ተውጦ የመጣን ትኩሳትና ቢጫ ዓይን «አለርጂ» ብሎ የሚጠራ ሰው በሰፈሩ ብትፈልጉ አታገኙም። ነርሷ ጥያቄውን ቀይራ ጠየቀች፤ «መድኃኒት ወስደሽ ሪአክሽን ነበረብሽ ወይ?»

«እሱማ አዎ! ሁለት ጊዜ ሪአክሽን ይዞኝ ፕሪድኒሶሎን ሰጥተውኛል።»

ልጇ እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደረገች። «ሥጋ ደዌ» የሚለውን ቃል አላወጣችውም፤ የእናቷን ክብር ለመጠበቅ «የቆዳ ሕመም ነበረባት» ብላ አለፈች። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩን አሳጠረችው፤ «ሁለት ጊዜ ሪአክሽን፣ ፕሪድኒሶሎን»። ነርሷ የሰማችው የአንድ መድኃኒት ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ላይ አለርጂ በሚለው ቦታ ፕሪድኒሶሎን ተብሎ ተጻፈ። ዳፕሶን የሚባል ነገር የትም የለም።

ሠንጠረዡ ልክ እንደ ጓንት ተገለበጠ ማለት ነው። ያዳናት መድኃኒት እንደ ገዳይ ተመዘገበ፤ ሊገድላት የነበረው ደግሞ ከነጭራሹ ጠፋ።

ስህተቱ ራሱ ወደ አደጋው ሲመራት

ሁለቱ ስህተቶች እኮ ተለያይተው አይቀመጡም፤ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናትየው ቆዳዋ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣባታል እንበል። የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳ ሲያጠቃ የሚመጡ እንዲህ ዓይነት በሽታዎች አሉ። ብዙውን ጊዜ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው እነፕሪድኒሶሎንን ነው። ኮምፒዩተሩ ግን «አለርጂ» ብሎ ቀይ ምልክት ያሳየዋል። ታዲያ ሌላ አማራጭ ይፈልጋል። ከእነዚህ በሽታዎች ለአንዳንዶቹ በሚገባ ከሚታወቁት አማራጮች አንዱ ማን ነው? ዳፕሶን።

በአሜሪካና በአውሮፓ ዳፕሶን የሥጋ ደዌ ብቻ መድኃኒት አይደለም። ለተለያዩ የቆዳ በሽታዎች፣ መከላከያ አቅማቸው ለደከመ ሰዎችም ለአንድ ዓይነት የሳንባ ምች መከላከያ ይታዘዛል። ጥንቁቅ ሐኪም ደግሞ ከማዘዙ በፊት ደም ይመረምራል፤ ዳፕሶን የቀይ ደም ሴሎችን ሊሰብር ስለሚችል ይህን የሚያባብስ የኢንዛይም እጥረት መኖሩን ያያል። የእናትየው ውጤት ደህና ይሆናል። ያ ምርመራ ግን የሚያጣራው ሌላ ጉዳት ነው፤ አለርጂውን አያሳይም።

የጂን ምርመራስ? በ1913 ሳይሆን በ2013 እ.ኤ.አ. በቻይና ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት ከዳፕሶን አለርጂ ጋር በጥብቅ የተያያዘ አንድ ጂን ተገኝቷል። በእስያ ብዙ ሰው ስላለው እዚያ አስቀድሞ መመርመር ይጠቅማል። በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ያ ጂን እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለእናትየው «የለብሽም» የሚል ውጤት ቢመጣ ደህና ነሽ ማለት አይደለም። የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኅዳር 2004 የሆነው ነገር በትክክል መተርጎሙ። ሰውነቷ መድኃኒቱን ያስታውሳልና በሁለተኛው ጊዜ አምስት ሳምንት ላይጠብቅ ይችላል፤ ቁጣው በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል።

ቃሉን ትታችሁ ድርጊቱን ጠይቁ

እንግዲህ አስተርጓሚ ወይም ሐኪም ሁለቱን ሪአክሽኖች እንዴት ይለያል? «ትኩሳት ነበረሽ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሁለቱም ትኩሳት ያመጣሉ። ሽፍታና እብጠትም እንደዚያው። ፕሪድኒሶሎንም ለሁለቱም ይሰጣል። ጊዜውም ብቻውን አይፈርድም፤ የሥጋ ደዌው ሪአክሽን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊመጣ ይችላልና ከዳፕሶኑ ጋር ይደራረባል። ቢጫ ዓይንና የሚላጥ ቆዳ ወደ መድኃኒቱ ያመለክታሉ፤ የነርቭ ሕመምና የዛለ እጅ ደግሞ ወደ በሽታው። ከዓመታት በኋላ ግን ሰው ይህን ሁሉ በትክክል ላያስታውስ ይችላል።

አንድ ጥያቄ ግን ከሁሉም በተሻለ ይለያል፤ «ያን ጊዜ የሥጋ ደዌውን ኪኒን አስቆሙሽ ወይስ ቀጠልሽ?»

ለምን ይሠራል? በአንደኛው ሁኔታ ሐኪሙ መድኃኒት ያስቆማል፤ በሌላኛው እንዲቀጥል ያዛል። ታካሚዋ የበሽታውን ስም ባታውቅም፣ የመድኃኒቱን ስም ብትረሳም፣ ፓኬቷ መቀየሩን ወይም ኪኒኑ መቀነሱን አትረሳም። «ከዚያ በኋላ አንዷን ኪኒን አውጥተው ሁለቱን ብቻ ሰጡኝ» ብትል ሐኪሙ ወዲያው ጆሮውን ያቆማል፤ የወጣችው ኪኒን የትኛዋ ናት? ይህ ጥያቄ የታሪኩን ስም ሳይሆን ድርጊቱን ስለሚይዝ በየትኛውም ቋንቋ ሲሻገር አይበላሽም።

እንዲሁ ሁለት ነገሮች አለርጂ ሳይሆኑ አለርጂ መስለው ይሻገራሉ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል፤ «ደም ሸናሁ» ተብሎ ከተተረጎመ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል። ሁለቱም የታወቁ የመድኃኒቶቹ ጠባዮች ናቸው። አንድን መድኃኒት በስህተት «አለርጂ» ብሎ መመዝገብም ዋጋ ያስከፍላል፤ የፕሪድኒሶሎኑን ታሪክ አይታችኋል።

ዘመንና ሰዓትም ይተረጎማሉ

እናትየው «በ2004 ነው» ስትል ልጇ «2004» ብላ ካለፈች ሌላ ጉድ ይመጣል። ለአሜሪካዊው ሐኪም 2004 ማለት ታካሚዋ ሕክምና ከመጀመሯ ሰባት ዓመት በፊት ነው። ኅዳር 2004 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር በ2011 መጨረሻ ላይ ነው። ሐኪሙ ትጉ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ቢጽፍና የ2004ን መዝገብ ቢጠይቅ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ከዚያም «ታካሚዋ አላስታወሰችም» ብሎ ይተወዋል።

ሰዓት ላይ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። «መርፌውን ከወጋችኝ በሁለት ሰዓት ሽፍታ ወጣብኝ» የሚል ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ማለቱ ነው? ወይስ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጁ ስምንት ሰዓት ላይ? ለአለርጂ ሐኪም ልዩነቱ ትልቅ ነው። በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ የመጣ ሽፍታና በማግስቱ የመጣ ሽፍታ ሁለት የተለያዩ የአለርጂ ዓይነቶች ናቸው፤ ምርመራቸውም ይለያያል። ጎበዝ አስተርጓሚ እዚህ ላይ ዝም ብሎ አይተረጉምም፤ ቆሞ «ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሽፍታ» የሚለው ቃል ራሱ በመዝገበ ቃላት ወንበዴም ማለት መሆኑን ስታስቡ ደግሞ ቃል በቃል መተርጎም ምን ያህል እንደማያስተማምን ይገባችኋል።

የመድኃኒት ስሞችም አገር ይቀይራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመድኃኒቶች ዓለም አቀፍ የጋራ ስም ማውጣት የጀመረው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ዝርዝር የወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነበር። ሆኖም አሜሪካ ለአንዳንዶቹ የራሷን ስም ይዛለች። እኛ rifampicin የምንለውን እነሱ rifampin ይሉታል፤ የእኛ ፓራሲታሞል እነሱ ዘንድ acetaminophen ነው። ዕድለኛ ሆነን dapsone ግን በሁለቱም አገር dapsone ነው።

ማን ያስተርጉም?

በ1994 እ.ኤ.አ. ሲያትል ከተማ የሚገኘው ሃርበርቪው ሆስፒታል ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች ለመጡ ስደተኞች አንድ ፕሮግራም ጀመረ። አማርኛና ትግርኛን ጨምሮ በየቋንቋው የተቀጠሩት ሰዎች ቃል ብቻ የሚያቀብሉ አልነበሩም፤ የቤተሰቡን ኑሮ የሚያውቁ፣ ቤት ድረስ የሚሄዱ፣ ሐኪሙ የማያየውን ትርጉም የሚያስረዱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ከእናትየው ጋር ቢቀመጥ ኖሮ «የቆዳ ሕመም» የሚለው ቃል የሸፈነውን ነገር ይጠረጥር ነበር። ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም ግን ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ትሠራለች፤ ትናገራለች፣ ደግሞም ትጠብቃለች። መጠበቁ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን «ሥጋ ደዌ» የሚለው ቃል ሲደበቅ ዳፕሶንም አብሮ ይደበቃል። ሥጋ ደዌ የሚድን በሽታ ነው፤ ሕክምናውን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል። ለሐኪም ቢነገር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቤታችሁ ውስጥ በአለርት ወይም በሌላ ሆስፒታል የታከመ፣ ወደ ውጭ ሊሄድ የተነሳ ሰው ካለ ዛሬ ከእሱ ጋር ተቀምጣችሁ አንዲት ወረቀት ልትሞሉ ትችላላችሁ። የእናትየው ወረቀት ይህን ትመስል ነበር፦

- መድኃኒቱ፦ dapsone፣ ለሥጋ ደዌ የተሰጠ፣ ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፎ
- የሆነው፦ ትኩሳት፣ የመላ ሰውነት ሽፍታ፣ ቢጫ ዓይን
- መቼ፦ በተጀመረ በ5ኛው ሳምንት፤ ኅዳር 2004 ዓ.ም.፣ በፈረንጁ 2011
- ከዚያስ፦ ዳፕሶን ቆመ፤ ዳግመኛ አልተወሰደም
- ያለ ችግር የወሰደቻቸው፦ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚን፣ ፕሪድኒሶሎን
- ለብቻው፦ በኋላ የመጣው የእጅ መዛል የበሽታው ሪአክሽን ነው፤ መድኃኒት አላስቆመም

አምስተኛዋን መስመር እንዳትዘሏት። ሰው የጎዳውን መድኃኒት ማስታወስ ይቀናዋል፤ ያልጎዳውን ግን ማንም አይጽፍለትም። እናትየው ቁስሏን ይዛ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ፕሪድኒሶሎንን የሚያስመልስላት ያቺ አንዷ መስመር ናት።